አንድ ደመወዝ አምስት ሰው በሚያስተዳድርበት ቤት መጠባበቂያ ገንዘብ ስንት ይበቃል? ካለፍኩበት ልንገራችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምጽፈው በአንድ ደመወዝ ብዙ ሰው ለምታስተዳድሩ ነው፣ ማለትም እናንተ ስትቆሙ ቤቱ ሙሉ ለሚቆምባችሁ። ለብቻው የሚኖር ወይ ሁለቱም የሚሠሩ ባልና ሚስት ሌላ ሒሳብ ነው ያላቸው፣ የኛ ግን ይለያል፣ እንዴት እንደሚለይ ደግሞ እኔ ያወቅኩት አልጋ ላይ ሆኜ ስለሆነ እናንተ በጤናችሁ ቁጭ ብላችሁ እንድታሰሉት ብዬ ነው።

አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ የግል ድርጅት ውስጥ አካውንታንት ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ቤቱ በኔ ደመወዝ ነው የሚተዳደረው። እናቴ አብራን ነች፣ ስኳርና ደም ግፊት አለባት፣ ሁለት ልጆቼ አንደኛ ደረጃ ይማራሉ፣ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ኮሌጅ ነው። እኔን ጨምሮ አምስት ማለት ነው። በዛን ጊዜ እጄ ላይ የሚደርሰኝ 28 ሺህ ብር ነበር። ሁሉም ሰው "የሦስት ወር ደመወዝ አስቀምጥ" ስለሚል በብዙ ልፋት 84 ሺህ ብር አስቀምጬ ነበር፣ እና አሁንስ እፎይ ማለት እችላለሁ ብዬ ነበር።

ሰኔ 2016 መጨረሻ ላይ በዝናብ ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ ወደቅኩ፣ እግሬ ሁለት ቦታ ተሰበረ፣ ብረት ገባልኝ። መንግሥት ሆስፒታል ነው የታከምኩት ግን ብረቱን፣ አንዳንድ መድኃኒቱን፣ ኤምአርአይ ምናምኑን ውጪ ነው የገዛነውና ያሠራነው፣ ታክሲና ክራንቹ ሲጨመር 38 ሺህ ብር አካባቢ ወጣ። ሐኪሙ ቢያንስ አራት አምስት ወር እግርሽ ክብደት መሸከም የለበትም አለኝ።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ያለው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ በዓመት እስከ 6 ወር ነው፣ ክፍያው ግን የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ ያለ ክፍያ ነው። ሥራችሁ አይነካም፣ ቦታችሁ ይጠብቃችኋል፣ ደመወዙ ግን የለም። (ጉዳቱ በሥራ ላይ ከደረሰ ሌላ ነው፣ እሱ በጣም የተሻለ ክፍያ አለው፣ ስለዚህ አደጋው ሥራ ላይ ከሆነ በዛው ቀን በጽሑፍ ሪፖርት ይደረግ። የመንግሥት ሠራተኞችም የራሳችሁ አዋጅ ስላላችሁ የሰው ሀብት ክፍላችሁን ጠይቁ።) የሐኪም ማስረጃውም መንግሥት ዕውቅና ከሰጠው ተቋም መሆን አለበት፣ ወረቀቱን ወዲያው ላኩ።

እስቲ ብሩ እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ፣ ትምህርቱ ያለው እሱ ውስጥ ስለሆነ። ለማስላት እንዲቀል የወሩን ደመወዝ ከወሩ ወጪ ጋር ነው የማወዳድረው። ከ84 ሺው ሕክምናው 38 ሺህ ወሰደ፣ 46 ሺህ ቀረ። ሐምሌ ሙሉ ደመወዝ ስለነበር ቆጥበን ቆጥበን 3,800 ብር ተረፈ፣ 49,800 ሆነ። ነሐሴ ላይ ግማሽ ደመወዝ 14 ሺህ ገባ፣ ቤቱ ግን የግድ የሚፈልገው 24,200 ነው፣ ስለዚህ 10,200 ጎደለ። በዛው ወር ደግሞ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ከሱ በላይ ጳጉሜና እንቁጣጣሽ መጣ፣ ጳጉሜ እንደምታውቁት ደመወዝ የላትም ግን ይበላባታል። ይሄ ሁሉ ከወሩ ወጪ በላይ 12 ሺህ ወሰደ። 27,600 ቀረ። መስከረም ሌላ 10,200፣ ቀረ 17,400። ጥቅምት ደመወዝ ዜሮ ሆነ፣ 24,200 ከየት ይምጣ? ወሩ ሳያልቅ ብሩ አለቀ። እውነተኛው እንዲያውም ከዚህ ይከፋል ምክንያቱም ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዘይቱም የመድኃኒቱም ዋጋ ሲጨምር በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልከተትኩትም።

ከዚህ ሁሉ ግን የጎዳኝ ሌላ ነው። እናቴ ብር እያለቀ መሆኑን ስታይ ለኔ ሳትነግረኝ የስኳር ኪኒኗን በቀን ሁለቴ መውሰድ ሲገባት አንዴ ማድረግ ጀመረች፣ ወር እንዲያቆይላት ብላ። ጥቅምት ላይ ስኳሯ በጣም ከፍ ብሎ ራሷን ስታ ወደቀች፣ በሌሊት የግል ሆስፒታል ወሰድናት፣ ከመተኛቷ በፊት 25 ሺህ ብር ዲፖዚት ተባልን። አክስቴ አበደረችኝ፣ የሥራ ባልደረቦቼም አዋጡልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ እናቴም ተረፈች። ግን በወር 1,200 ብር መድኃኒት ላይ የተቆጠበች ጥቂት መቶ ብር ናት 25 ሺህ ያስወጣችን። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ በቋሚነት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ፣ ችግር ሲጀምር ኪኒኑን ራሳችሁ ቁጠሩ፣ "እየወሰድሽ ነው ወይ" ብሎ መጠየቅ አይበቃም፣ እናቶቻችንን ታውቋቸዋላችሁ፣ አዎ ነው የሚሉት። ጥገኞች ብር ሲያልቅ ማንም ሳይነግራቸው ከራሳቸው ላይ ነው የሚቀንሱት።

እሺ፣ አሁን ወደ ሒሳቡ። ከዳንኩ በኋላ ሙያዬም ስለሆነ ቁጭ ብዬ ከባዶ አሰላሁት። የገባኝ ነገር ይሄ ነው፦ "የሦስት ወር ደመወዝ" የሚለው አባባል አንድ ዓይነት ችግር ብቻ ነው የሚያስበው፣ ደመወዝ መቆም። ብዙ ጥገኛ ያለው ቤት ግን ሁለት ዓይነት ችግር አለበት። አንደኛው ደመወዝ ሲቆም ነው። ሁለተኛው ደመወዙ እያለም ከሰዎቹ አንዱ ላይ የሆነ ነገር ሲደርስ ነው። ሰው በበዛ ቁጥር በዓመት ውስጥ የሆነ ሰው ላይ የሆነ ነገር የመድረሱ ዕድል ይጨምራል። በዛ ላይ ደግሞ የምታመጡት እናንተ ብቻ ስለሆናችሁ፣ እናንተ የታመማችሁ ቀን ሁለቱ አብረው ይመጣሉ፣ ገቢው ይቆማል ወጪው ይጨምራል። እኔ ላይ የደረሰው ይሄ ነው። ስለዚህ መጠባበቂያው ሁለት ክምር መሆን አለበት፣ አንዱ ለደመወዝ መቆም፣ አንዱ ለድንገተኛ ወጪ፣ ለየብቻ ተሰልተው የሚደመሩ። አንዱን ክምር ለሁለቱም እጠቀማለሁ ካላችሁ እንደኔው 84 ሺህ ሕክምናው ግማሹን ሊወስደው ነው።

የመጀመሪያውን ክምር ለማስላት መጀመሪያ የምትፈልጉት ደመወዛችሁን ሳይሆን የግድ ወጪያችሁን ነው፣ ማለትም ሁሉም ነገር ተቆርጦ ቤቱ በወር የሚፈልገውን። የኔን ልዘርዝርላችሁ። ኪራይ 9 ሺህ፣ ቀለብ 7 ሺህ፣ ትምህርት ቤት በወር ሲከፋፈል 3 ሺህ፣ የእናቴ መድኃኒት 1,200፣ መብራት ውኃ ስልክ 800፣ የልጆች ትራንስፖርት 500፣ ለወንድሜ 500፣ እድር 200። ይሄ 22,200 ነው። በዛ ላይ እቁብ 2 ሺህ አለ፣ ጠቅላላ 24,200።

እቁቡን ለምን የግድ ወጪ ውስጥ ከተትሽው የሚል ይኖራል። ምክንያቱም እጣው ቀድሞ ወጥቶልኝ ብሩን በልቼዋለሁ። እጣ የበላ ሰው እቁብ ማለት ለሱ ዕዳ ነው፣ አልጥልም ማለት አይችልም፣ ዋስ አለበት። እጣችሁ ካልወጣ ደግሞ ዳኛውን አናግራችሁ ተራ መለዋወጥ ወይ ሰው መተካት ይቻል ይሆናል፣ ይሄ ግን በአባላቱ መልካም ፈቃድ ስለሆነ ቁጥር ውስጥ አታስገቡት። እድሩንም እንዳትቆርጡት፣ ስትቸገሩ የመጀመሪያ የምትተዉት ነገር እሱ ይመስላችኋል ግን ውዝፍ ሲኖርባችሁ ነው ሐዘን የሚመጣው።

አንድ ልብ እንድትሉት የምፈልገው፣ የኔ የግድ ወጪ ከደመወዜ በጣም ብዙም አይርቅም፣ 28 ሺህ እና 24,200። ለብቻው የሚኖር ጓደኛዬ ሥራ ሲያጣ ወጪውን በግማሽ ነው የቀነሰው፣ ቤት ለቆ ከወንድሙ ጋር ገባ፣ በቃ። እኛ ልጆችና እናት ይዘን የት እንገባለን? የሚቆረጠው ልብስ፣ የኔ ትራንስፖርት፣ ሥጋ፣ ሠርግና ክርስትና ላይ የሚሄደው ነው፣ ሌላው አይቆረጥም። ስለዚህ "ሲቸግረኝ እቀንሳለሁ" ብላችሁ ትንሽ እንዳታስቀምጡ፣ መጀመሪያ በወረቀት ላይ ቀንሱትና ምን ያህል እንደሚቀንስ እዩት።

ቀጥሎ ስንት ወር የሚለው ነው። እኔ ሁለት ሁኔታ አስልቼ ትልቁን ነው የምይዘው። አንዱ ሕመም፦ ስድስት ወር ቢሞላ ድርጅቱ የሚከፍለኝ 28 ሺህ፣ 14 ሺህ፣ 14 ሺህ፣ ከዛ ዜሮ፣ ድምሩ 56 ሺህ ነው። ቤቱ በስድስት ወር የሚፈልገው 145,200 ነው። ልዩነቱ 89,200። ሁለተኛው ሥራ ማጣት፦ ይሄን ለማወቅ በሙያዬ ያሉ ሥራ የቀየሩ ሰዎችን ጠየቅኩ። ጥያቄው ግን "ሥራ ለማግኘት ስንት ጊዜ ፈጀብህ" አይደለም፣ "ከመጨረሻው ደመወዝ እስከ አዲሱ የመጀመሪያ ደመወዝ ስንት ወር ነበር" ነው። ልዩነት አለው፣ ሥራ ያገኘ ሰው እስኪጀምርና ወር እስኪሞላ ይቆያል። ሰዎቹ የሚነግሩኝ አራትም አምስትም ወር ነው፣ አምስትን ያዝኩ። በ24,200 ሲባዛ 121 ሺህ። ከሁለቱ ትልቁ እሱ ስለሆነ የመጀመሪያው ክምር 121 ሺህ ነው። ሾፌር ወይም ነርስ የሆነ ሰው የራሱን ሙያ ሰው ይጠይቅ፣ ቁጥሩ ይለያያል። የቀን ሥራ ወይ የራሱ ትንሽ ንግድ ያለው ሰው ደግሞ የሕመም ፈቃድ የሚባል ነገር ስለሌለው ለሕመሙ ሙሉውን ነው የሚያባዛው፣ ምንም የሚቀነስለት የለም።

የሥራ ስንብት ክፍያስ? አዎ፣ በሕግ አለ። በሠራተኛ ቅነሳ ከወጣችሁ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዛ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ፣ ለቅነሳው ደግሞ ተጨማሪ የ60 ቀን። አምስት ዓመት የሠራ ሰው 30 ሲደመር 40 ሲደመር 60፣ የ130 ቀን ደመወዝ ይመጣለታል። ክፍያውም በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መሆን አለበት ይላል። ግን እኔ ከክምሩ ላይ አልቀነስኩትም። ድርጅት ሠራተኛ የሚቀንሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ብር ሲያጥረው ነው፣ ክርክር ከተነሳ ደግሞ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዶ ይቆያል። ሲመጣ ክምሩን መልሶ መሙያ ይሁን፣ ከመምጣቱ በፊት ግን የለም ብላችሁ አስሉ። ጡረታ ላይ የተጠራቀመውም እንደዛው፣ ስለተቸገርን የሚወጣ ብር አይደለም። ውጪ ያለ ዘመድ ይልክልኛል የሚለውንም በደስታ ተቀበሉት እንጂ አትቁጠሩት።

ሁለተኛው ክምር የሰዎቹ ነው። ወረቀት አውጡና የእያንዳንዱን ሰው ስም ጻፉ፣ የራሳችሁን መጀመሪያ። ከስሙ ጎን በሚመጣው ዓመት ሊደርስበት ይችላል የምትሉትን አንድ ነገር ጻፉ፣ ከዛ ዋጋውን ጠይቁ። በግምት አይሁን፣ ደውሉ ወይ ሂዱ፣ ማታ ቢሆን የምትወስዱበት ሆስፒታል የት ነው፣ ዲፖዚት ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ስጠይቅ የወጣልኝ ለራሴ 40 ሺህ፣ ለእናቴ ተኝቶ መታከም 30 ሺህ፣ ለልጆቹ ለእያንዳንዳቸው 8 ሺህ፣ ለወንድሜ 4 ሺህ፣ ክፍለ ሀገር ለቅሶ ቢመጣ ለመሄጃና ለማስተዛዘኛ 6 ሺህ ነው። እድሩ ቀብሩን ያግዛል እንጂ የኔን መሄጃ አይችልም፣ ዘመዱም የኛ እድር ውስጥ አይደለም።

ይሄ ሁሉ 96 ሺህ ይመጣል፣ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይደርስም፣ ሁሉንም ካስቀመጥኩ ደግሞ መቼም አልጨርስም። ዝም ብዬ ትንሽ ብጥል ደግሞ አንዱ ይጥለኛል። ስለዚህ ትልቁን ሙሉ በሙሉ፣ የቀሩትን ግማሽ አድርጌ ያዝኩ፦ 40 ሺህ፣ ሲደመር የ56 ሺው ግማሽ 28 ሺህ፣ 68 ሺህ። ይሄ ሕግ አይደለም፣ እኔ የመረጥኩት ነው። ቤታችሁ ውስጥ ሁለት የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ካለ የሁለቱንም ሙሉውን ያዙ፣ ምክንያቱም አንዱ ሲታመም ሌላው የሚያስታምመው አጥቶ ይጎዳል።

የመጨረሻው ካላንደሩ ነው። ችግር ወር አይመርጥም፣ ስለዚህ በጣም መጥፎው ወር ላይ እንደሚጀምር አድርጋችሁ አስሉ። የኛ ቤት እሱ ሐምሌ ነው፣ ምዝገባና ጳጉሜና እንቁጣጣሽ ከፊት አለ፣ 12 ሺህ። እንግዲህ 121 ሺህ፣ 68 ሺህ፣ 12 ሺህ፣ ድምሩ 201 ሺህ ብር። ከደመወዜ ሰባት እጥፍ ትንሽ ይበልጣል። ቀድሞ በቂ ነው ብዬው ከነበረው ሁለት እጥፍ ከግማሽ የሚጠጋ ማለት ነው።

አውቃለሁ፣ 200 ሺህ ሲባል ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። እኔም በአንድ ጊዜ አልሞላሁትም፣ በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የሚሞላው የትልቁ ድንገተኛ ወጪ ነው፣ የኔ 40 ሺህ፣ ምክንያቱም ዲፖዚት ጊዜ አይሰጥም፣ ኪራይ ግን ባለቤቱን ለምኖ ሁለት ሳምንት መግፋት ይቻላል። ከዛ የሕመሙ ልዩነት 89,200፣ ከዛ እስከ ሥራ ማጣቱ 121 ሺህ፣ መጨረሻ የሌሎቹ ሰዎች ግማሽና የሐምሌው። የምሰበስበውም በእቁብ ነው፣ አዲስ ገብቼ እጣው ሲወጣ በቀጥታ ወደዚህ ሂሳብ። እቁብ ለመሰብሰቢያ በጣም ጥሩ ነው ምክንያቱም ሰው ፊት ስለሆነ አታቋርጡም፣ ራሱ መጠባበቂያ ግን አይሆንም፣ እጣው ችግራችሁ በመጣበት ሳምንት አይወጣም።

ሌላው መንገድ የሚፈለገውን ብር ራሱን ማሳነስ ነው። ከወር የግድ ወጪ ላይ አንድ ሺህ ብር በቋሚነት ከቀነሳችሁ ክምሩ በአምስት ወር ስለሚባዛ 5 ሺህ ይቀንሳል። እኔ ኪራዩ 7 ሺህ ወደሆነ ቤት ትንሽ ራቅ ብዬ ስገባ የሚያስፈልገኝ ብር 10 ሺህ ቀነሰ፣ በዛ ላይ በየወሩ 2 ሺህ ተረፈኝ። ወንድሜም የሰፈር ልጆች ማስጠናት ጀምሮ የራሱን ኪስ ችሏል፣ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን በችግር ጊዜም ከኔ ደመወዝ ጋር አብራ የማትቆም ገቢ ናት፣ ለኛ ዓይነት ቤት እሷ ትልቅ ዋጋ አላት። የድርጅታችሁ የሕክምና ሽፋን ጥገኞችን ይጨምር እንደሆነ፣ ወላጆቻችሁ ደግሞ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መግባት ይችሉ እንደሆነ ወረዳ ጠይቁ፣ ከተቻለ የሁለተኛው ክምር ትልቅ ክፍል ይወርዳል።

አሁን ደግሞ ስለ አንድ ነገር በደንብ ላውራ፣ ምክንያቱም ብሩ ኖሮ እንኳን ልናጣው ነበር። እኔ ኦፕራሲዮን ክፍል ስገባ ብሩ በኔ ስም ባንክ ነው፣ ሞባይል ባንኪንጉ በኔ ስልክ ነው፣ ፒኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ወንድሜ ብረቱን ግዛ ተብሎ ኮሪደር ላይ ቆሞ ባዶ እጁን ነው የቀረው፣ እኔ ነቅቼ እስክናገር ጎረቤት ናት ያበደረችው። አንድ ገቢ አምጪ ብቻ ባለበት ቤት በጣም የምትፈልጉት ሰዓት ላይ ብሩን ማውጣት የማትችሉት እናንተው ናችሁ።

ስለዚህ ከዳንኩ በኋላ ሁለተኛውን ክምር ከወንድሜ ጋር በጋራ ሂሳብ አደረግኩት፣ ሁለታችንም በየግላችን ማውጣት እንድንችል ተብሎ ነው የተከፈተው። ይሄን ባንኩ ፎርም ላይ በግልጽ አስጽፉት፣ "ሁለቱም ሲፈርሙ" ተብሎ ከተከፈተ እናንተ አልጋ ላይ ሆናችሁ አይሠራም። ለሌላው ሂሳብ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄጄ ውክልና ሰጠሁ፣ ወረቀቱ ላይ ከባንክ ገንዘብ የማውጣት ሥልጣን ተለይቶ መጻፍ አለበት። ውክልና ግን ሰጪው ሲሞት አብሮ ያበቃል፣ ይሄን እወቁ፣ ከዛ በኋላ ቤተሰብ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እስኪያወጣ ባንኩ አይሰጥም፣ እሱ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ባለቤቴ ሲያርፍ ያየሁት ስለሆነ ነው ጋራ ሂሳብ ላይ የማጠብቀው። እርግጥ የምታምኑት ሰው ከሌለ ብሩን በሙሉ አታጋሩ፣ የትልቁን ዲፖዚት ያህል ብቻ አጋሩ።

ብሩ የት ይቀመጥ ለሚለው፣ ትንሽ ጥሬ ብር ቤት አለ፣ ሌሊት ኔትወርክ ሲጠፋ ለታክሲና ለሆስፒታል ካርድ የሚሆን። ሁለተኛው ክምር ኤቲኤም ካርድ ያለው ሂሳብ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ክምር ሞባይል ባንኪንግም ካርድም በሌለው ሌላ ባንክ፣ ቅርንጫፍ ሄጄ ካልሆነ የማላወጣው፣ እንዲህ ካልሆነ በየበዓሉ ትንሽ ትንሽ ይነካል። የጊዜ ገደብ ያለው ተቀማጭ ወለዱ ከተራ ቁጠባ ይሻላል፣ ግን ጊዜው ሳይደርስ ሲወጣ ወለዱ ይቀራል፣ ስለዚህ ወደዛ ያስገባሁት አራተኛና አምስተኛ ወር ላይ የምፈልገውን ብቻ ነው። የተራ ቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነው፣ ዋጋ ከዛ በላይ በሚጨምርበት ዓመት ብሩ ሳይነካም ይቀንሳል ማለት ነው። ለዛ ነው መጠባበቂያዬን በብር የማልጠራው፣ "የስንት ወር ነው" ብዬ ነው የምቆጥረው። ጥርና ሐምሌ ላይ የግድ ወጪውን እንደገና ጽፌ ያለውን ብር በሱ አካፍላለሁ። ባለፈው ስቆጥር ብሩ ጨምሮ ወሩ ግን እዛው ነበር፣ ቀለብና ትምህርት ቤት ጨምረዋል።

መቼ ይነካል የሚለውንም ከእናቴና ከወንድሜ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋግረን ጽፈነዋል፣ ደመወዝ ሲቆም ወይ ሲቀንስ፣ ሕክምና፣ ለቅሶ፣ ከቤት መውጣት፣ በቃ። ሠርግና የፍሪጅ መበላሸት እዚህ ውስጥ አይገቡም። የእናቴ መድኃኒት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው፣ ሁልጊዜ የሁለት ወር ቀድሞ ተገዝቶ ጊዜ ማለፊያው ታይቶ ቤት ይቀመጣል፣ ማንም አይቀንሰውም፣ እሷም ጭምር። አሁን የመጀመሪያው 40 ሺህ ሞልቷል፣ ከሕመሙ ልዩነትም ከግማሽ በላይ ገብቷል፣ የሚቀጥለው የእቁብ እጣ ሲወጣ የቀረው ላይ ይገባል። የእናንተ ቤት ሰው ብዛት ወይ የሥራው ዓይነት ከኔ የተለየ ሆኖ ሒሳቡ ከከበዳችሁ ወጪያችሁን ዘርዝራችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።